ለቁልፉ ብቻ

ወንድማገኝ ከሸሕዲ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሥራው የሚሄደው ነገ ነው። ይህ «ነገ» ግን ሁለት ክረምት አልፎታል። መጀመሪያ «መንገዱ ይድረቅ» አለ፤ መንገዱ ደረቀ። ቀጥሎ «የአጎቴ ሰሊጥ ይነሣ» አለ፤ ሰሊጡ ተነሣ፣ ተሸጠ፣ ማሳው እንደገና ታረሰ። አሁን ደግሞ «ቲያትሩ ይታይ» ይላል። ከተማው ለምዶታል። ሻይ ሻጯ ሳቢራ ጠዋት ጠዋት ስታየው የሱዳን ዐረብኛ እየቀላቀለች፣

«ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም አልሄድክም?» ትለዋለች።

«ነገ» ይላታል።

«ተማም፣ እሺ» ትለውና ስኳሩን ትጨምርለታለች።

ቡዳፔስት ዓመታት ተቀምጦ የቲያትር ዝግጅት ተምሯል። እዚያ ሳለ የተማረውን ላገሩ ሰው ሊያስተምር ይንገበገብ ነበር፤ አገሩ ሲገባ ደግሞ «ይሄ ነገር ለዚህ ሰው ይሆናል ወይ?» እያለ በገዛ ትምህርቱ ይጠራጠር ጀመር። ለምሳሌ የብቻ ንግግር የሚባለው አለ፤ አንድ ተዋናይ መድረክ ላይ ብቻውን ቆሞ ልቡን የሚያወራበት። ቡዳፔስት ውስጥ ሰው ብቻውን ሲያወራ ትኬት ተቆርጦ ይታያል። ሸሕዲ ውስጥ ብቻውን የሚያወራ ሰው ጸበል ይወሰዳል።

ያም ሆኖ የያዘው ተውኔት በብቻ ንግግር የሚያልቅ ነበር። የጻፉት የከተማው የቀድሞ አማርኛ አስተማሪ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አቶ ደሞዝ ናቸው። ገላው የሚባል ሰሊጥ አምራች በእንግዳ ፊት ሚስቱን ይሰድባታል። ሚስትየው አንድ ቃል ሳትመልስ ወደ እናቷ ትሄዳለች። ሽማግሌ ልኮ ይታረቃል ወይስ አንገቱን አቅንቶ ይቀራል? ይህ የሚለየው ገላው መጋዘኑ ውስጥ ብቻውን ሆኖ በሚናገረው ነው።

ገላውን የሚጫወተው አንዱአምላክ ነው። ሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ጄኔሬተሩም ድምፅ ማጉያውም የእሱ ስለሆነ ገላውም የእሱ ሆነ። ድምፅ ማጉያው እንኳ ለወጉ ነው እንጂ፣ አንዱአምላክ መተማ ቆሞ ሲጣራ ከድንበር ማዶ ገላባት ያለ ግመል ዞር ይላል። ሚስትየውን የምትጫወተው የጤና ጣቢያው ፋርማሲስት ስርጉት ናት። ሚስትየው በመጀመሪያው ክፍል ስለምትሄድ፣ ስርጉት ከዚያ በኋላ መጋረጃ ጥግ ቆማ ቃል የጠፋበትን ታስታውሳለች።

ስርጉት ወደ ሳንጃ ዝውውር ደርሷታል። ቲያትሩ እሑድ ታይቶ ሰኞ ትሄዳለች። ይህን ስትነግረው ወንድማገኝ፣

«ጥሩ ነው። ሳንጃ ጥሩ ከተማ ነው። ሰው ዝውውር ሲያገኝ መሄድ አለበት» አለ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሥራ ሲለቀቅ ፋርማሲው በር ላይ ይቆማል። ምክንያት አለው፤ ከቡዳፔስት ያመጣው ፔርሙስ እሷ ዘንድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የቆላው ፀሐይ ሲጠነክርባት በረዶ ውኃ እንድትይዝበት አውሷት ነበር። «ፔርሙሱ አለ?» ይላል፤ ሲያወጉ ይመሽና ፔርሙሱን ትቶ ይመለሳል። በማግስቱ መቼም ዕቃውን ጥሎ የሚቀር ሰው የለም፤ ተመልሶ ይመጣል።

የመጀመሪያው ልምምድ ዕለት አንዱአምላክ ደረቱን ነፋ፣ ዱላውን አነሣ፣ የብቻ ንግግሩን በአንድ ትንፋሽ ፎከረው። የአዳራሹ ቆርቆሮ አብሮ አስተጋባ።

«እንዴት ነው?» አለ ላቡን እየጠረገ።

«አያ አንዱአምላክ፣ ገላው ማንን ሊገድል ነው?» አለው ወንድማገኝ።

«ማንን ይገድላል?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ።»

ወንድማገኝ ሁሉንም አስቀምጦ ስርጉትን ያለ ምንም ስሜት እንድታነብ ጠየቃት። አነበበች፦

«ሄደች። ትሂድ። መንገዱ ሰፊ ነው። እናንተ አላችሁ፤ ፍረዱ። ሰው በገዛ ቤቱ አንድ ቃል ቢናገር ጥፋት ነው? አልናፍቃትም። ለምን እናፍቃለሁ? ሰሊጡ ደርሷል፤ ሠራተኛው መጥቷል፤ ጊዜ የለኝም። ግን ውሻው… ውሻው ሲመሽ በር በሩን ያያል። ውሻው ነው የናፈቃት። ይለምዳል። ሰው የማይለምደው የለም። አንቺ ግን… የመጋዘኑን ቁልፍ ይዘሽብኝ ሄደሻል። እሱን ላኪልኝ። ቁልፉን ብቻ። ለቁልፉ ስል ሽማግሌ እልካለሁ። ለቁልፉ።»

«አሁን፣» አለ ወንድማገኝ፤ እንዲህ ሲያስተምር ጥርጣሬው ይለቀውና ዓይኑ ያበራል፤ «እናንተ ይሄን እንደ አንድ ንግግር አትዩት። ሐሳቡ የሚታጠፍበትን ፈልጉ። ‹ትሂድ› ሲል ተገላግሏል። ‹ፍረዱ› ሲል ግን ክርክር ገባ። የተገላገለ ሰው ዳኛ ምን ያደርግለታል? እዚያ ላይ ታጥፏል። ‹ግን ውሻው› ሲል ደግሞ ታጠፈ። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ቆም ብለህ አዲሱ ሐሳብ ሲመጣብህ እንይህ። አንተ ሁሉንም አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው መስለህ ነው የምትለው።»

«አውቀዋለሁ እኮ! በቃሌ ይዤዋለሁ!»

«አንተ ታውቀዋለህ፤ ገላው ግን አያውቀውም። ገላው ሲጀምር ሽማግሌ ልላክ አላለም። እዚያ የደረሰው እየተናገረ ነው።»

አንዱአምላክ በዱላው መሬቱን ጫር ጫር አደረገ።

«ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ‹ለማን?› እያላችሁ ጠይቁት። አማርኛ መቼም ይህን አይደብቅም፤ ግሱ ጫፍ ላይ ተጽፏል። ‹ፍረዱ›፤ ለብዙ ሰው ነው፤ አዳራሽ ለተቀመጠው። ‹ላኪልኝ›፤ ለአንዲት ሴት ነው። መካከል ላይ ደግሞ ‹ሰው የማይለምደው የለም›። ‹እኔ› የምትለዋ ቃል የት ሄደች? ‹እለምዳለሁ› ለማለት ስላልደፈረ ሰው በሚል ስም ተሸሸገ።»

«ሦስተኛው ደግሞ ውሸቱ» አለች ስርጉት ፈገግ ብላ። ይህን ትምህርት ፋርማሲው በር ላይም ሰምታዋለች።

«አዎ። ራሱን የሚዋሸውን ሰው በምን ታውቁታላችሁ? ሳትጠይቁት ይመልሳል። ‹አልናፍቃትም› ይላል፤ ማን ጠየቀው? ምክንያት ያበዛል፤ ለአንድ ነገር ሦስት ምክንያት ከሰጠ አንዱም እውነተኛው አይደለም። የገዛ ስሜቱን ደግሞ ለሌላ ያሸክማል። እዚህ ላይ ለውሻው።»

«ቆይ፣ ቆይ፣» አንዱአምላክ ተነሣ፤ «ገላው አይዋሽም። እኔ ውሸታም ሆኜ በዚህ ከተማ ፊት አልቆምም፤ ነገ ሰሊጥ የሚሸጥልኝ አላገኝም። ቁልፌን ወሰደች አለ፤ ወሰደች። አንተ ቁልፍ ጠፍቶብህ አያውቅም? የመጋዘን ቁልፍ እኮ የቀልድ ዕቃ አይደለም።»

«ገላው ይህን ሲናገር የት ነው የቆመው?»

«መጋዘን።»

«ከውጭ ወይስ ከውስጥ?»

አንዱአምላክ ጽሑፉን ቀረብ አድርጎ አየ። አቶ ደሞዝ «ከሰሊጥ ጆንያዎቹ መካከል ቆሞ» ብለው ጽፈዋል።

«ከውስጥ…»

«በሩን በምን ከፈተው?»

አንዱአምላክ አሰበ፣ ጭንቅላቱን አከከ፣ «ሰብሮ!» አለ።

«ከሰበረው ቁልፉ ምን ያደርግለታል?»

አንዱአምላክ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጣጣ መጣ። ገላው ራሱን እንደሚዋሽ ካመነ ወዲያ፣ «ለቁልፉ» ባለ ቁጥር ተመልካቹን እየጠቀሰ፣ ጢሙን እያፍተለተለ ይል ጀመር። ወንድማገኝ ራሱን ያዘ።

«አትጥቀስ! ከጠቀስክ አውቀኸዋል ማለት ነው። እያወቀ የሚዋሽ ተንኮለኛ ነው። ገላው ግን ከልቡ ያምነዋል፤ የሚያሥቀውም የሚያሳዝነውም እሱ ነው። እኛ እንወቅበት፤ አንተ አትወቅ።»

«የማላውቀውን እንዴት ነው ዐውቄ የምጫወተው?»

ይህ ጥያቄ ቡዳፔስትም ተጠይቆ አልተመለሰም ነበርና ወንድማገኝ ሻይ ይጠጣ ብሎ አሰናበታቸው።

ሲበተኑ ስርጉት ጽሑፉን እያጠፈች ቀረች።

«እኔ አንድ ቦታ ላይ አልስማማም። ‹አንቺ› የሚለው መጨረሻ ላይ ድንገት የመጣ አይመስለኝም። ‹አልናፍቃትም› ሲል ማን ጠየቀው አልክ አይደል? እሷ ናታ። በልቡ እየጠየቀችው ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያወራው ለእሷ ነው።»

«ታዲያ ‹እናንተ አላችሁ› የሚለውስ?»

«እሱማ ሽሽት ነው። አንድ ሰው ላለማናገር ብዙ ሰው ሲጠራ።»

ወንድማገኝ ነገሩን ወዲያ ወዲህ አገላበጠው። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ስለዚህም አልወደደውም።

«ሰው እንደየአመለካከቱ ሊያነበው ይችላል» አለ። «እናንተ የመሰላችሁን ሞክሩት።»

ስርጉት ከኋላዋ ሌላ ሰው እንዳለ ዞር ብላ አየች። ማንም አልነበረም።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። የከተማው ሰው ወንበር ላይ፣ ለአረም ከጎጃምና ከወሎ የወረዱት ሠራተኞች መሬት ላይ፣ ቦታ ያጣው መስኮት ላይ። ፊት ወንበር ላይ አባ ፈንቴ ተቀምጠዋል፤ በሸሕዲ የታረቀ ባልና ሚስት ካለ እሳቸው ያላስታረቁት የለም። ሙቀቱ ሰውን ቀቀለው። ወንድማገኝ ከመጋረጃው ጥግ ከስርጉት ኋላ ቆሞ «ነገ እሄዳለሁ» ይላል በልቡ። «ቲያትሩ ካለቀ ምን ይይዘኛል? ምንም አይይዘኝም።» ማንም አልጠየቀውም።

የመጀመሪያው ክፍል በሰላም አለፈ። ገላው ሚስቱን ሲሰድብ ሴቶቹ «እሰይ፣ ሂጂለት!» አሉ፤ ሄደችለት። ከዚያ አንዱአምላክ በጆንያዎቹ መካከል ብቻውን ቆመ። ትምህርቱ ሁሉ ጠፋበትና ደረቱን ነፋ።

«ሄደች! ትሂድ! መንገዱ ሰፊ ነው! እናንተ አላችሁ፤ ፍረዱ! ሰው በገዛ ቤቱ አንድ ቃል ቢናገር ጥፋት ነው?»

አባ ፈንቴ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዘራቸውን ተደገፉ።

«ቃሉ ምን ነበር?» አሉ።

አንዱአምላክ ዱላውን አወረደ።

«አባ፣ ይቀመጡ፤ ቲያትር ነው!» አለ አንድ ሰው።

«ቲያትር ቢሆንስ? ፍረዱ ብሎ ጠራን። የተጠራ ሽማግሌ ዝም ይላል? ስድቡን የተናገረው ለብቻዋ ነው ወይስ በሰው ፊት?»

«በእንግዳ ፊት!» አሉ ሴቶቹ ባንድ አፍ።

«እንግዲያ ጥፋት ነው። ቁጭ በል። አይ፣ ቁም፤ ያንተንም እንስማ።»

ወንድማገኝ መጋረጃውን ሊዘጋ ገመዱን ጨበጠ። አገር ለአገር ዞሮ የተማረው ሁሉ ሽምግልና ሆኖ ሊያልቅ ነው። ስርጉት እጁን ያዘችው።

«ተወው» አለች በሹክሹክታ። «ለማን እንደሚያወራ አሁን ነው ያወቀው።»

እውነትም አንዱአምላክ ላብ በላብ ሆኖ ሕዝቡን ሲያይ ፉከራው ከላዩ ላይ ረግፏል። ይህ በልምምድ ያልነበረ ዓይን ነበር፤ የተከሰሰ ሰው ዓይን።

«አልናፍቃትም!» አለ።

«ማን ጠየቀህ?» አለ አንድ የጎጃም ልጅ ከመሬት።

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ወንድማገኝ ልጁን ወጥቶ ሊያቅፈው ምንም አልቀረው።

«ለምን እናፍቃለሁ?» አንዱአምላክ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈገ። «ሰሊጡ ደርሷል… ሠራተኛው መጥቷል…»

«እኛን አታግባን!» አሉ ሠራተኞቹ።

«ጊዜ… ጊዜ የለኝም።»

መሸሸጊያ አጣ። እናንተ ብሎ የጠራቸው ሁሉ ከሚስቱ ጋር ቆመዋል። ስለዚህ ጀርባውን ሰጣቸው። በልምምድ ያልተባለ፣ ማንም ያላሳየው ነገር ነው። ስርጉት ቃሉ የጠፋበት መስሏት ልታስታውሰው ከንፈሯን ስታላቅቅ፣ በዚያ ግመል በሚያስደነግጥ ጉሮሮው ውስጥ ያለ የማይመስል ትንሽ ድምፅ ወጣ፦

«ግን ውሻው…»

ሣቁ ቆመ።

«ውሻው ሲመሽ በር በሩን ያያል። ውሻው ነው የናፈቃት። ይለምዳል። ሰው የማይለምደው የለም።»

ዘወር ሲል መጋረጃው ጥግ ስርጉትን አየ፤ የሚያውቃት ሚስቱ እሷው ናትና ለእሷው ተናገረ።

«አንቺ ግን…»

ወንድማገኝ ከኋላዋ ቆሞ ስለነበር ቃሉ በእሷ አልፎ እሱን መታው። «አንቺ።» ይህን ቃል ለስርጉት ያላት መቼ ነው? በልምምድ «እናንተ» ይላል። ፋርማሲው በር ላይ «ሰው» ይላል። ስለ እሷ ሲጠይቁት «ስርጉትማ ትሂድ እንጂ» ይላል። ፔርሙሱን ሲጠይቅ እንኳ «ፔርሙሱ አለ?» ነው የሚለው፤ ፔርሙሱን ነው የሚያነጋግረው። ፈለገ፣ ፈለገ፤ አንድ «አንቺ» አጣ። ውሻ እንኳ የለውም፤ የሚያሸክመው።

«…ቁልፉን ላኪልኝ። ቁልፉን ብቻ።» አንዱአምላክ አልጠቀሰም። ያመነ ሰው ፊት ነበረው። «ለቁልፉ ስል ሽማግሌ እልካለሁ። ለቁልፉ።»

«ያ ረብ፣ ቁልፍ!» አለች ሳቢራ ከመስኮቱ፣ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች።

«እሺ ልጄ፣» አሉ አባ ፈንቴ ሲነሡ፤ «ለቁልፉ እንሄድልሃለን።» ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው ወደ መድረኩ መውጣት ጀመሩ። ወንድማገኝ መጋረጃውን የዘጋው ያኔ ነው።

ጀምበር ሳትጠልቅ ግቢው ውስጥ ወንበሩ አህያ በሚጎትተው ካሮ ላይ ይጫናል፤ አንዱአምላክ በሰው ተከቦ «እኔ ዱሮም አውቀዋለሁ፤ ገላው ራሱን ነው የሚዋሸው» እያለ ያስረዳል። ወንድማገኝ ስርጉትን ግቢው ጥግ ሳቢራ ሻይ ዘንድ አገኛት። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፔርሙሱ እንዳይረሳ ብዬ ነው።»

ስርጉት ቦርሳዋን ከፈተች፣ ፔርሙሱን አውጥታ ሰጠችው። ታጥቧል፣ ክዳኑም ተወልውሏል።

«ይኸው። ሌላስ?»

ወንድማገኝ ፔርሙሱን ታቅፎ ቆመ። በሁለት ዓመት ውስጥ እጁ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። እንዲህ ከባድ መሆኑን አያውቅም ነበር።

«ሰው… ሰው መቼም ሲለያይ…»

«ሰው ማን ነው?»

«እናንተ በጣም ጥሩ ነበር የሠራችሁት…»

ስርጉት ዞር ብላ ኋላዋን አየች፤ ተመልሳም እሱን። አልሣቀችም።

«ወንድማገኝ፣ ለማን ነው የምታወራው?»

ሳቢራ ስኳር የያዘ ማንኪያዋን አየር ላይ አቆመችው።

«አንቺ…» አለ። ቃሉ በጉሮሮው ልክ አልነበረም፤ ግን ወጣ። «አንቺ ሳንጃ ስትሄጂ እኔ አዲስ አበባ ምን አለኝ? ሥራ የሚባለውም የለም። ነበረ፤ ለሌላ ሰው ከሰጡት ቆየ። እዚህ የተቀመጥኩት ለመንገዱም፣ ለሰሊጡም፣ ለቲያትሩም አይደለም።»

«ሦስት ምክንያት» አለች ስርጉት።

«አንዱም እውነተኛው አይደለም።»

«እውነተኛውስ?»

«አንቺ ነሽ።»

ስርጉት የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ፊቷ የዓመት ድካም ከላዩ የወረደለት ሰው ፊት ይመስል ነበር።

«አባቴ የሚኖረው አብርሃ ጅራ ነው» አለች። «እኔ ዘንድ አትምጣ፤ እሱ ዘንድ ሽማግሌ ላክ። ግን ለፔርሙሱ ነው ቢሉት ውሻ ነው የሚለቅባቸው።»

አባ ፈንቴ ከየት እንደሰሙ አይታወቅም፤ ከዘራቸው ቀድሞ ደረሰ። «ሽማግሌ ተባለ እንዴ? የዛሬው መንገድ እኮ ጀምረነው ቀረ። መኪና ካለ ነገ በጠዋት ነው።»

«የእኔ አለ!» አንዱአምላክ ሰው እየገፋ መጣ። «በእኔ ፒክአፕ! እኔ ራሴ እነዳለሁ!» ደረት ኪሱን ዳበሰ። የሱሪውን ኪስ ዳበሰ። ቀስ ብሎ ኋላ ኪሱን ዳበሰ። ፊቱ ተለወጠ።

«ቁልፉ…» አለ። «ቁልፉ ጠፋብኝ።»

ግቢው በሣቅ ፈነዳ። አባ ፈንቴ ከዘራቸውን ጣሉት። የጎጃሙ ልጅ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ኧረ የእውነት ነው! የመኪናው ቁልፍ ነው!» ይላል አንዱአምላክ፣ በዚያ ገላባት በሚሰማ ድምፁ፣ ከመድረክ የወረደውን ጆንያ ሁሉ እየገለበጠ። «ሰው እንዴት አያምንም? ወንድማገኝ፣ አንተ ንገራቸው እንጂ! ቁልፍ እኮ አንዳንዴ ዝም ብሎ ይጠፋል!»

ወንድማገኝ ግን አልሰማውም። ፔርሙሱን ለሳቢራ አስይዞ፣ ነገ ከአባ ፈንቴ ጋር ማን ማን እንደሚሄድ ከስርጉት ጋር እየተማከረ ነበር።